የወንድሜ ድምፅ ገንዘብ ጠየቀኝ

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሐሙስ ከታናሽ ወንድሜ ቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ‹እታለም፣ ችግር ላይ ነኝ፤ አሁኑኑ ገንዘብ ያስፈልገኛል፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት› ይላል። ድምፁ የራሱ ነው። ‹እታለም› የሚለኝም እሱ ብቻ ነው። ደነገጥኩና እዚያው ቴሌግራም ላይ በቪዲዮ ደወልኩ። ተነሳ። ፊቱን አየሁት። ‹እታለም፣ ይሰማሻል?› አለኝና ወዲያው ተቋረጠ። ‹ኔትወርክ የለም፣ በጽሑፍ እናውራ› ብሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላከልኝ። ስሙ የማላውቀው ሰው ነው። ‹የሚረዳኝ ልጅ ነው› አለኝ። ላክሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያንኑ ያህል ድገሚ ሲለኝ ግራ ገባኝና በመደበኛ ስልክ ደወልኩለት። ሥራ ላይ ነው፤ ምንም አያውቅም። ከሳምንት በፊት ግን ከጓደኛው የመጣ ሊንክ ከፍቶ፣ የደረሰውን ኮድ አስገብቶ ነበር። አሁን እሱ ራሱ ሲደውልልኝ እንኳ እጠራጠራለሁ። እማዬ ደግሞ የእሱን ድምፅ ከሰማች አንድ ጥያቄ አትጠይቅም። እንዴት ነው የሚለየው?»

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ጆሮሽን አትውቀሺው። የሰማሽው ድምፅ ከወንድምሽ ድምፅ የተሠራ ነው። ሌባው ደግሞ ድምፁን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ወንድምሽ ያንን ኮድ ባስገባበት ደቂቃ ቴሌግራሙ በሌላ ሰው መሣሪያ ላይም ተከፈተ። ያ ሰው ያገኘው አካውንት ብቻ አይደለም፤ እናንተ ለዓመታት የተጫወታችሁትን ሁሉ አገኘ። ወንድምሽ የላከልሽ የድምፅ መልእክት በሙሉ እዚያ ተደርድሯል። «እታለም» የምትለዋንም እዚያው ሰምቷታል። እናታችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩ፣ ማን ለማን ገንዘብ እንደሚልክ፣ ማን ቶሎ እንደሚደነግጥ አንብቦ ለመረዳት ሙሉ ሳምንት ነበረው።

ድምፅ ለመቅዳት ብዙ ናሙና አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ቫል-ኢ የተባለውን የምርምር ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ በእንግሊዝኛ የአንድን ሰው ድምፅ ለመምሰል የ3 ሰከንድ ናሙና እንደሚበቃው ገልጿል። በየቀኑ የምንላላከው ተራ የድምፅ መልእክት ከዚያ ይረዝማል። ናሙናው ከበዛና ጥራት ካለው ደግሞ ቅጂው እየተስተካከለ ይሄዳል። ወንድምሽ ዘንድ ያለው ብዙም ነው፣ ጥራትም አለው፤ ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ፣ ብቻውን ሆኖ የተናገረው ነውና።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅምሻል። በአንደኛው ሌባው ጽሑፍ ይጽፋል፤ መሣሪያው በወንድምሽ ድምፅ ያነበዋል። በሁለተኛው ሌባው ራሱ ይናገራል፤ መሣሪያው የእሱን ድምፅ ወደ ወንድምሽ ድምፅ ይለውጠዋል። ሁለተኛው በቀጥታ ጥሪ ላይ ሳይቀር ይሠራል። ለሌባው የሚቀለው ግን የድምፅ መልእክት ነው። አሥር ጊዜ ሠርቶ፣ ዘጠኙን ጥሎ፣ አንዱን የተዋጣለትን ብቻ ይልክልሻል። ለጥያቄሽም እዚያው መመለስ አይገደድም። አንቺ የሰማሽው የተመረጠውን ነው።

«ታዲያ በጆሮ መለየት አይቻልም?» ትዪኝ ይሆናል። አንዳንዴ ይቻላል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ከ500 በላይ ሰዎችን እውነተኛና ሰው ሠራሽ ድምፅ እያሰሙ ፈትነዋል። ሐሰተኛውን ድምፅ መለየት የቻሉት ከ100 ጊዜ 73 ጊዜ ያህል ነው። ሥልጠና ሲሰጣቸውም ብዙ አልተሻሻሉም። ልብ በዪ፣ እነዚህ ሰዎች እየተፈተኑ መሆናቸውን ያውቃሉ። ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ወንድማቸው ችግር ላይ ነው ያላቸው የለም። አንቺ ግን ደንግጠሽ፣ ልብሽ እየመታ ነው የሰማሽው።

የሆነ ሆኖ ቅጂው አንዳንድ ቦታ ይጋለጣል። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መያዣ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ «ተናገረ» ለማለት ይሁን «ይገኛል» ለማለት፣ እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እናውቃለን። ጽሑፍ የሚያነብ መሣሪያ ግን መገመት ይኖርበታል፤ ሲገምት ይስታል። ወንድምሽ ያለ ሐሳብ የሚያላላትን ቃል መልእክቱ ላይ ሲያጠብቃት ከሰማሽ፣ ወይም ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ቃናው ዜና እንደሚነበብ ቀጥ ካለ፣ ወይም ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳይወስድ ከጨረሰው፣ ቁሚ። ይሁን እንጂ ሌባው ራሱ አማርኛ እየተናገረ ድምፁን ብቻ የሚለውጥ ከሆነ፣ ማጥበቁም ማላላቱም እስትንፋሱም የሰው ስለሆነ ይህ ምልክት የለም።

ስለዚህ ምልክቶችን የምትጠቀሚባቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ስህተት ከሰማሽ ገንዘቡን አትላኪ። ስህተት ካልሰማሽ ግን ምንም አላረጋገጥሽም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «በደንብ አዳመጥኩት፣ እንከን የለውም» ይልና ይልካል።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንምጣ፤ የበለጠ ያሳመነሽ እሱ ይመስለኛል። ጥሪው ስንት ሰከንድ ቆየ? እንደነገርሽኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ማንም ቢደውል፣ ምንም ቢባል ሊላት ይችላል። ለጥያቄሽ መልስ አልሰጠም፤ ምክንያቱም አልጠየቅሽውም፤ ጊዜ አልሰጠሽም። አንቺ መደወልሽ እንደማይቀር ሌባው ያውቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ከወንድምሽ ፎቶና ቪዲዮ አጭር ቁራጭ አዘጋጅቶ፣ ጥሪውን አንስቶ፣ ያንን በካሜራ ፋንታ አጫውቶ ዘግቶብሽ ሊሆን ይችላል። ወይም በራሱ ፊት ላይ የወንድምሽን ፊት የሚጭን ፕሮግራም ከፍቶ፣ እንከኑ ሳይታይበት ቶሎ ዘግቶታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከደብዳቤሽ መለየት አይቻልም፤ ለአንቺ ግን ውጤቱ አንድ ነው። «ኔትወርክ የለም» የምትለው ሰበብ የምትመጣው ለዚህ ነው። ለመቋረጡም፣ ለመደብዘዙም፣ ከንፈሩ ከድምፁ ጋር ላለመግጠሙም በአንዴ ምክንያት ትሆናለች።

በዚህ ያንቺ ቢጤ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የአሩፕ ኩባንያ የፋይናንስ ሠራተኛ ከዋና መሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ የመጣ የሚመስል መልእክት ደረሰው። በምስጢር ገንዘብ እንዲያስተላልፍ ይጠይቃል። ሰውዬው መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። ከዚያ የቪዲዮ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊውንም ሌሎች የሚያውቃቸውን የሥራ ባልደረቦችም በዓይኑ አየ። ጥርጣሬውን ያጠፋው ያ ስብሰባ ነው። በ15 ዝውውር 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ላከ። ስብሰባው ላይ ከእሱ በቀር እውነተኛ ሰው አልነበረም። ፖሊስ እንዳለው ቪዲዮዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ ናቸው፤ ሰውዬውን ራሱን እንዲያስተዋውቅ ከመጠየቅ በቀር ከእሱ ጋር የረባ ምልልስ አላደረጉም። ትዕዛዝ ሰጥተው ስብሰባውን ዘጉ። ከወንድምሽ «ጥሪ» ጋር አስተያዪው፤ አካሄዱ ያው ነው።

ጥሪው ረዘም ካለ የምትፈትኚበት ነገር አለ። «እስቲ ወደ ጎን ዙር፣ ጆሮህን ልየው» በዪው። «እጅህን ፊትህ ላይ ቀስ አድርገህ አሳልፈው» በዪው። በቀጥታ የሚጫን ፊት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከፊት ለፊት ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ሲዞር የጉንጩ ጠርዝ ይርገበገባል፤ እጅ ሲያልፍበት ጣቶቹ ከፊቱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ መነጽር ካለ ቅርጹ ይዛባል። የተቀዳ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ እንዳልሰማ ይሆናል። እዚህም ግን ደንቡ ያው ነው። ፈተናውን ከወደቀ ሐሰት ነው። ካለፈ ደግሞ ገና አልተረጋገጠም፤ መሣሪያዎቹ በየጊዜው እየተሻሻሉ ነውና።

ዋናው ጥያቄ «ድምፁ የእሱ ነው?» የሚለው አይደለም። «ይህ መስመር ማን እጅ ነው ያለው?» የሚለው ነው። አንቺ ለማረጋገጥ ያደረግሽው ነገር በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር፤ መልሰሽ ደወልሽ። ችግሩ የደወልሽው ራሱ የተሰረቀው መስመር ላይ ነው። የቴሌግራም ጥሪ አካውንቱ በተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይጠራል፤ ቀድሞ ያነሳው ሰው ያናግርሻል። ሌባው ስልኩን ይዞ ሲጠብቅሽ ወንድምሽ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ቴሌግራም ላይ ከመጣ ማረጋገጫው ቴሌግራም ላይ አይሆንም። ዋትስአፕ ላይ ከመጣም ዋትስአፕ ላይ አይሆንም። ከዚያ ውጪ፣ በመደበኛ ስልክ፣ ስልክሽ ላይ ቀድሞ በመዘገብሽው ቁጥር፣ አንቺ ራስሽ ትደውያለሽ። በኋላ ያወጣሽም ይኸው ነው።

ጥሪው ወደ አንቺ የመጣው በመደበኛ ስልክ ቢሆንና ማያው ላይ የወንድምሽ ስም ቢነበብስ? ያም ቢሆን ዘግተሽ መልሰሽ ደውዪ። ማያ ላይ የሚታየውን የደዋይ ቁጥር ማስመሰል ይቻላል። አንቺ ስትደውዪ ግን ጥሪው የሚሄደው ወደ ትክክለኛው ቁጥር ባለቤት ነው። ከዚህ ውጪ የሚሆነው ለምሳሌ ሌባው የወንድምሽን ሲም ካርድ በስሙ አስወጥቶ ከያዘው ነው። ያኔ የወንድምሽ ስልክ ኔትወርክ ያጣል፤ እሱም ቶሎ ያውቃል።

«ስልኬ ተሰብሯል፣ በመደበኛ አትደውዪ» ቢልሽስ? ይህች የታወቀች መንገድ ናት፤ ማረጋገጫውን አስቀድማ ትዘጋብሻለች። ያኔ አጠገቡ ያለ ሰው ፈልጊ፤ አብሮት የሚሠራ፣ አብሮት የሚኖር፣ ጎረቤቱ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» የተባለበት ምክንያትም ይኸው ነው። እናታችሁ ቢሰሙ ምናልባት ይደውሉለት ነበር። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከአንድ ሰው እንድትደብቂ ከነገረሽ፣ መጀመሪያ የምትደውዪው ለዚያ ሰው ነው። በእውነት የቸገረው ወንድም ሃያ ደቂቃ ቢዘገይበት ይበሳጫል እንጂ አይጠፋም። ሕክምና ከሆነ የሐኪም ቤቱን ስም ይንገርሽና ስልኩን አንቺ ፈልገሽ ደውዪ፤ እሱ በላከልሽ ቁጥር ግን አይደለም። ታስሬያለሁ ካለም እንደዚሁ።

ጥያቄ መጠየቅም ይሠራል፤ ግን አጠያየቁ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 አንድ የፌራሪ ኃላፊ የኩባንያውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የቤኔዴቶ ቪኛን ድምፅ በሚመስል ድምፅ ተደወለለት። የደቡብ ጣሊያን አነጋገሩ ሳይቀር ተቀድቷል። ኃላፊው የሆነ ነገር ጎረበጠውና «ከጥቂት ቀናት በፊት አንብበው ያልከኝ መጽሐፍ ርዕሱ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀው። ጥሪው ወዲያው ተቋረጠ።

አንቺ ጋር ግን አንድ ልዩነት አለ። ያንቺ ሌባ የቴሌግራም ታሪካችሁን በሙሉ አንብቧል። «የውሻችን ስም ማን ነበር?» ብትዪው ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። «እታለም» ያላት ቃል ያሳመነችሽ ምስጢር ስለመሰለችሽ ነው፤ ለእሱ ግን እዚያው ተጽፋ የተቀመጠች ነበረች። ስለዚህ የምትጠይቂው በአካል የተነጋገራችሁትን፣ በጽሑፍም በድምፅም ያልተላላካችሁትን ነገር ነው። እንዲህ ያለው ካልመጣልሽ ያልሆነ ነገር ጠይቂ። ለምሳሌ «ባለፈው እኔ ጋር የረሳኸውን ጃኬት ላኪልኝ ብለህ ነበር፤ ለማን ልስጠው?» በዪው። እውነተኛው ወንድምሽ «የምን ጃኬት?» ይላል። ሌባው ግን ከአንቺ ጋር መስማማት ስላለበት «ለሚረዳኝ ልጅ ስጪው፣ አሁን ግን ገንዘቡን ቶሎ ላኪ» ይላል። እኔ ይህን ከሁሉም የፈተና ጥያቄ አስበልጠዋለሁ። የማስታወስ ችሎታን አይፈልግም፤ የተጨነቀ ሰውም ያልሆነውን አልሆነም ለማለት አይቸገርም።

ከድምፁም ከፊቱም ይልቅ አንድ ነገር ግን ዓይንሽ ሥር ነበር፤ የሒሳቡ ባለቤት ስም። ድምፅ ይቀዳል፣ ፊት ይቀዳል። ገንዘቡ ግን የሆነ እውነተኛ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ያ ሒሳብ ደግሞ በወንድምሽ ስም አይሆንም። «የሚረዳኝ ልጅ»፣ «የጓደኛዬ»፣ «የሐኪሙ» የሚባለው ለዚህ ነው። ከአሁን በኋላ ለዘመድ የምትልኪ ከሆነ፣ ቀድሞ ልከሽለት ወደምታውቂው የራሱ ሒሳብ ብቻ ይሁን። ሌላ ስም ከመጣ በመደበኛ ስልክ ሳታናግሪው የመላኪያውን ቁልፍ አትንኪ።

አሁን ስለ ላክሽው ገንዘብ። ደብዳቤሽ ላይ ለባንክሽ ማሳወቅሽን አልጻፍሽም። ካላሳወቅሽ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ደውዪ። የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተቀባዩን ስምና ሒሳብ ይዘሽ «በማጭበርበር የተላከ ነው፣ የተቀባዩ ሒሳብ ይታገድልኝ» በዪ። ገንዘቡ ከሒሳቡ ከወጣ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ቶሎ ነው የሚወጣው። ቢሆንም የተቀባዩን ሒሳብ ማስመዝገብ ለሚቀጥለው ሰው መከላከያ ነው። ከዚያ ለፖሊስ አመልክቺ። የድምፅ መልእክቱን አታጥፊው፤ ወደ ስልክሽ አውርደሽ አስቀምጪው፤ ጽሑፉንም ፎቶ አንሺው። ሌባው ከርቀት ከሁለታችሁም ሊያጠፋው ይችላል። ደግሞም በሚቀጥሉት ሳምንታት «ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚል ሰው ከመጣ አትመልሺለት። አንዴ የላከ ሰው ስሙ ለሌላ አጭበርባሪ ይተላለፋል።

ወንድምሽ ደግሞ ዛሬውኑ የሚሠራው አለ። ከራሱ ስልክ ላይ ከቴሌግራም አካውንቱ እንዳይወጣ። Settings ከዚያ Devices ይግባ። የማያውቀው መሣሪያ እዚያ ተዘርዝሮ ያየዋል፤ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደገባ ጭምር። Terminate All Other Sessions የሚለውን ይጫን። ከእሱ ስልክ በቀር ሁሉም ይወጣል። ቀጥሎ Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification የሚለውን ከፍቶ የራሱን የይለፍ ቃል ያስቀምጥ። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ አይገባም። ሌባው ቀድሞ የራሱን ይለፍ ቃል አስቀምጦ ካገኘው አይደንግጥ፤ እዚያው ዳግም የማስጀመር ጥያቄ ያቅርብና ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቅ፤ እስከዚያ ግን ስልኩ ላይ ካለው አካውንት አይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመው ይሆናል። የእሱ ስልክ ላይ ለአንቺ የተላከ ምንም መልእክት አይታይም። ሌባው ልኮ ወዲያው ከእሱ በኩል ብቻ ስለሚያጠፋው ነው። አንቺ ጋር ይቀራል፤ እሱ ጋር የለም። ስለዚህ «እኔ ጋር ምንም የለም» ማለቱ ለሌሎች አልተላከም ማለት አይደለም። ቴሌግራሙ ላይ ላሉት ሁሉ ማሳወቅ አለበት።

እናትሽን በተመለከተ፣ ስለ ቅጂ ድምፅ አሠራር ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከንፈር እንዲያዩ፣ ትንፋሽ እንዲቆጥሩም አትጠይቂያቸው። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ መደንገጣቸው አይቀርም፤ በድንጋጤ መሐል ዳኛ እንዲሆኑ መጠበቅ አግባብ አይደለም። አንድ ሥራ ብቻ ስጫቸው፤ ማንም ልጅ ገንዘብ ቢጠይቅ «እሺ ልጄ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለው ዘግተው ለአንቺ ይደውሉ። ያንቺ ድምፅ ከሆነ የጠየቃቸው ደግሞ ለወንድምሽ። ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ስልካቸው አጠገብ አኑሪላቸው።

ይህን እናትሽ ብቻቸውን እንዲሸከሙት አታድርጊ። ወንድምሽ ራሱ ፊታቸው ተቀምጦ «እማዬ፣ እኔ ገንዘብ ብጠይቅሽ ዘግተሽ ደውይልኝ፤ አልቀየምም» ይበላቸው። ብዙ እናት የምትልከው ልጄ ይቀየመኛል፣ በችግሩ ሰዓት ጥያቄ አበዛሁበት ብላ ነው። ፈቃዱ ከራሱ ከልጁ ሲመጣ ያ ጭንቀት ይቀላል። ቀጣሪ ለሠራተኛው የሚሰጠውም ደንብ ይኸው ነው፤ የእኔን ትዕዛዝ ብታጣራ አልቆጣም።

የቤተሰብ የምስጢር ቃል ይኑረን ካላችሁም ጥሩ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ለሕዝብ ባወጣው ማሳሰቢያ ይህንኑ መክሯል። ቃሉን በአካል ተገናኝታችሁ ምረጡ። በስልክ አትጻፉት፣ በድምፅ መልእክት አትላኩት፤ የሰረቀው ሰው ያነበዋል፣ ይሰማዋል። የልጅ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅጽል ስም አይሁን። ሁለት የማይገናኙ ቃላት ቢሆኑ ይሻላል፤ ሰው በግምት አይደርስባቸውም። ጠያቂው ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘቡን እንዲልክ የተጠየቀው ሰው ነው። ደዋዩ ቃሉን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሌላውም «የመጀመሪያው ምን ነበር?» እያለ አያስታውሰውም። ሌባው ይህ ሲገጥመው ይጮሃል፤ «እየሞትኩ ነው አንቺ ቃል ትጠይቂኛለሽ!» ይላል። እንዲህ እንደሚል ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቀድመው የሰሙት ጩኸት ያን ያህል አያስደነግጥም። ቃሉን ቢረሱትም ችግር የለም፤ ዘግቶ መደወል ይበቃል። እንዲያውም አንድ ቀን ወንድምሽ ደውሎ እንደ ልምምድ ገንዘብ ይጠይቃቸውና ምን እንደሚያደርጉ እዩ።

አንቺም በወንድምሽ ጥሪ ሁሉ አትሳቀቂ። «እንዴት ዋልሽ» ሲልሽ ማንነቱን መመርመር የለብሽም። ሐሰተኛ ቢሆን እንኳ ሰላምታ ምንም አይወስድብሽም። ምርመራው የሚጀምረው ሦስት ነገሮች ሲጠየቁ ነው፤ ገንዘብ፣ በስልክሽ የመጣ ኮድ፣ እና ከቤተሰብ የሚደበቅ ምስጢር። ከእነዚህ አንዱ ካልተነሳ ተጫወቱ።

የድምፅ መልእክት መላላክም አታቁሙ። ሌባው የሚፈልገውን ናሙና አስቀድሞ ወስዷል፤ ከአሁን በኋላ ዝም ማለት የተወሰደውን አያስመልስም። ድምፁ እጁ ላይ ስላለ ግን በሌላ አዲስ ቁጥር፣ «ስልኬን ቀየርኩ» ብሎ ወደ አክስታችሁ ወይም ወደ አጎታችሁ ሊሞክር ይችላል። እነሱ ዘንድ በመልእክት ሳይሆን ዛሬ ማታ አንቺና ወንድምሽ ተካፍላችሁ በስልክ ደውሉ፤ አረጋውያኑን አስቀድሙ።